የመብራት ሽቦና ፖል ከመንገድ ፎቶ ላይ ማውጣት፣ የሕንፃው ጠርዝ ሳይጎብጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ መንገድ ላይ ፎቶ ያነሳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ፒያሳ ቆማችሁ ካሜራውን ቀና ስታደርጉ ከኋላ የጦሳ ተራራ፣ ከፊት የጣሊያን ጊዜ ፎቅ ቤት፣ መሃል ላይ ደግሞ ፖልና የሽቦ መዓት። ሽቦውን ማጥፋት ራሱ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሽቦው ሲሄድ የቤቱን ጠርዝ ይዞት እንዳይሄድ ማድረግ ነው። እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ዞረው ዞረው እዚያው ይመጣሉ።

እንዲቀለን አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ከክዳኑ ሥር አሸንዳ፣ ግድግዳው ቢጫ ልስን፣ ፎቁ ላይ ሦስት መስኮት። የእንጨት የመብራት ፖል ልክ ከቤቱ ግራ ማዕዘን ፊት ለፊት ተተክሏል። ከፖሉ የተነሱ አራት ሽቦዎች በሰማዩ ያልፋሉ፣ ክዳኑንና አሸንዳውን ያቋርጣሉ፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ቀኝ እየራቀ ሲሄድ እነሱም እያነሱ ግድግዳውንና አንዱን መስኮት አቋርጠው ይወጣሉ። የምንሠራው በፎቶሾፕ ነው፤ ጊምፕ ላለው ደግሞ ታች ላይ ተጽፏል።

ሽቦውን ሳጠፋው አሸንዳው ለምን ይጎብጣል?

የተሳሳተ መሣሪያ ስለተጠቀማችሁ። `Spot Healing Brush` እና `Healing Brush` ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው። ከሌላ ቦታ ሸካራነቱን ያመጣሉ፣ ቀለሙንና ብርሃኑን ግን የቀባችሁት ቦታ ዳር ካለው ጋር ያዋህዱታል። ሰማይ ላይ ይሄ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም ዙሪያው ሁሉ ሰማይ ነው። ብሩሹ የአሸንዳውን ጥቁር ጠርዝ የነካ ቀን ግን ዙሪያው ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ብረት ይሆናል። መሣሪያው ሁለቱን ለማስታረቅ ሲሞክር ጥቁሩ ወደ ሰማዩ ይፈሳል፣ ሰማዩም ወደ አሸንዳው ይገባል። ጠርዙ እንደ ቀለጠ ሻማ ይሆናል።

`Content-Aware Fill` ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥፋት አለበት። እሱ ከፎቶው ውስጥ የሚመሳሰል ቁራጭ ፈልጎ ይለጥፋል እንጂ አሸንዳ ቀጥ ያለ ነገር መሆኑን አያውቅም። የለጠፈው ቁራጭ በአንድ ወይም በሁለት ፒክስል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጠርዙ ላይ ትንሽ ደረጃ ይሠራል። ሁለት ፒክስል ምን አላት ትሉ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ማንም አያያትም፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው።

ስለዚህ ሽቦውን እንደ አንድ ረጅም ነገር ማየቱን ተዉት። ሽቦው ጠርዝ ባቋረጠበት ቦታ ሁሉ ይቆረጣል። ሰማይ ላይ ያለው አንድ ቁራጭ፣ ቆርቆሮ ላይ ያለው ሌላ ቁራጭ፣ ግድግዳ ላይ ያለው ሌላ ቁራጭ ነው። መቋረጫዎቹ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ሥራ ናቸው፤ እነሱ በ`Clone Stamp` ብቻ ነው የሚሠሩት። ክሎን ያየውን እንዳለ ይገለብጣል፣ ምንም አያዋህድም። እዚህ ላይ የምንፈልገው ልክ ያንን ነው።

ከምን ልጀምር?

ከፋይሉ። ጓደኛችሁ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላከላችሁን አትሥሩበት። ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ሲያሳንሰው ደግሞ በሽቦው ግራና ቀኝ የተበላሸ ጥላ ዓይነት ነገር ይተዋል። ሽቦውን አውጥታችሁም ጥላው ይቀራል። እንደ ፋይል ይላክላችሁ።

ቀጥሎ ሌንሱ። በሰፊ ሌንስ ወይም በስልክ ሰፊ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ላይ ቀጥ ያለው አሸንዳ ከመጀመሪያውም መሃሉ ላይ ትንሽ ይለጠጣል። መስመሩ ራሱ ቀጥ ካላለ በቀጥታ መሣሪያ መልሳችሁ ልትሠሩት አትችሉም። ስለዚህ አስቀድማችሁ በ`Filter > Lens Correction` ወይም በ`Camera Raw` ሌንሱን አስተካክሉ፣ ወደ ኋላ የወደቀ የሚመስለውን ሕንፃም ቀጥ አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሽቦውን አውጥታችሁ ኋላ ሕንፃውን ብታቀኑ፣ ቀድሞ በመለጠጡ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ስብራት ሁሉ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ከዚያ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱና ሥራውን በሙሉ እዚያ ላይ ሥሩ። ለክሎንና ለሂሊንግ ብሩሽ `Sample` የሚለውን `Current & Below` አድርጉት፤ ለስፖት ሂሊንግ ደግሞ `Sample All Layers` ላይ ምልክት አድርጉ። አንድ ቦታ ካልሆነላችሁ ያንን ቦታ ብቻ በኢሬዘር ታጠፉታላችሁ፣ ዋናው ፎቶ አይነካም።

ሰማዩ ላይ ያለው ሽቦስ?

እሱ የቡና ቁርስ ነው። `Spot Healing Brush` ያዙ፣ ብሩሹን ከሽቦው እጥፍ ያህል አስፉት። ሽቦው አምስት ፒክስል ከሆነ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ይሁን፣ ግራና ቀኙ ያለውን ብዥታም እንዲወስደው። አንድ ጫፍ ላይ ተጫኑ፣ `Shift` ይዛችሁ ሌላው ጫፍ ላይ ተጫኑ፤ መሃሉን በቀጥታ መስመር ይቀባዋል። ግን ሽቦ በክብደቱ ይረግባል፣ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ አጭር አጭር አድርጋችሁ ተከተሉት።

አንድ ነገር ብቻ፦ ክዳኑ ጋ ሳትደርሱ ቁሙ። የብሩሹን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ክፍተት ተዉለት። ሽቦው ከክዳኑ ጋር የተያያዘባት አጭር ጭራ ትቀራለች፤ እሷን ክሎን ይጨርሳታል።

የደሴ ጠዋት ጉም ካለበት ሰማዩ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይነጣል። እንዲህ ያለ ሰማይ ላይ ክሎን ከተጠቀማችሁ ምንጩን ከጎን እንጂ ከላይ ወይም ከታች አትውሰዱ፤ መስመር ሠርቶ ይታያል።

ሽቦው አሸንዳውን ባቋረጠበት ቦታ በትክክል ምንድን ነው የማደርገው?

ጊዜ የሚወስደው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል።

ዙሙን 300% አድርሱት። አሁን የአሸንዳው ጠርዝ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ እዩ። ምንም ያህል የጠራ ፎቶ ቢሆን ከጥቁሩ ወደ ሰማዩ የሚያልፈው በሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ደረጃ ነው። ብሩሻችሁም ከዚያ ጋር መመሳሰል አለበት። `Hardness` ወደ 80% ያህል ብታደርጉት ብዙውን ጊዜ ይሄዳል። ዜሮ ካደረጋችሁት ጠርዙ ይደበዝዛል፣ መቶ ካደረጋችሁት ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

`Aligned` ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ `Alt` ይዛችሁ ልክ ጠርዙ ላይ ተጫኑ። ከጠርዙ በላይ አይደለም፣ በታችም አይደለም፤ ጥቁሩና ሰማዩ በሚገናኙበት መስመር ላይ። ቦታው ከሽቦው ጎን ንጹሕ የሆነ፣ ቅርብ ያለ ይሁን። አሁን ብሩሹን ወደ ሽቦው ስታመጡ ክቡ ውስጥ የገለበጣችሁት ምስል ይታያችኋል። በክቡ ውስጥ ያለውን ጠርዝ ከክቡ ውጪ ካለው ጠርዝ ጋር ግጠሙት። ሲገጥም ታውቁታላችሁ፤ መስመሩ ሳይሰበር ክቡን አቋርጦ ያልፋል። አንዴ ተጫኑ። አትጎትቱ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ከላይና ከታች የቀረውን ጭራ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጋችሁ አውጡት።

ምስሉ ክቡ ውስጥ ካልታያችሁ `Window > Clone Source` ውስጥ `Show Overlay` እና `Clipped` የሚሉት መመረጣቸውን ተመልከቱ።

ከአንድ በላይ ሽቦ ሲኖር አንድ ወጥመድ አለ። አራቱ ሽቦዎች አሸንዳውን በሠላሳ ሠላሳ ፒክስል ርቀት ያቋርጡታል እንበል። ምንጩን ሠላሳ ፒክስል ርቃችሁ ከወሰዳችሁ አንዱን ሽቦ አጥፍታችሁ የሚቀጥለውን ትለጥፋላችሁ። ስለዚህ በሽቦዎቹ መካከል ካለው ርቀት ግማሹን ያዙ፤ እዚህ አሥራ አምስት መሆኑ ነው። `Aligned` ስለተመረጠ ያው ርቀት ለአራቱም ይሠራል፣ በየሽቦው ደግማችሁ `Alt` መጫን ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ካልገጠመ ግን አትስነፉ፣ እንደገና ውሰዱ።

ለምን ቅርብ? አሸንዳው ወደ ቀኝ እየራቀ ሲሄድ ይቀጥናል። ከሩቅ የተወሰደ ቁራጭ የላይኛው ጠርዙ ቢገጥም የታችኛው አይገጥምም።

ፖሉ የቤቱን ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ከሸፈነውስ?

እዚህ ጋ ብሩሽ ብቻውን አያዛልቅም። እጅ ያን ያህል ርዝመት ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጠርዙን እንዲሠራላችሁ ማድረግ ያለባችሁ ሴሌክሽኑን ነው።

መጀመሪያ ማዕዘኑ የት እንደነበረ እወቁ። ሌላ ሌየር ላይ በ`Line` ቀይ ቀጭን መስመር አስምሩ። የአሸንዳውን የታችኛውን ጠርዝ ከሚታየው ክፍል ተነስታችሁ ወደ ግራ ፖሉን እስኪያልፍ አስረዝሙት። የማዕዘኑን መስመር ለማግኘት ደግሞ ፖሉ ትንሽ ያዘመመበት ወይም የቀጠነበት ቦታ ፈልጉ። እንጨት ፖል ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ከላይ በኩል የማዕዘኑ ጥቂት ክፍል ብቅ ይላል። እዚያ ነጥብ ያዙ። ሕንፃውን ቀድማችሁ ቀጥ ስላደረጋችሁት ማዕዘኑ ከመስኮቶቹ የጎን ጠርዝ ጋር ትይዩ ነው። የመስኮቱን መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ነጥቡ ብትገፉት ማዕዘናችሁን አገኛችሁ።

ቀጥሎ `Polygonal Lasso Tool`። በቀዩ መስመር ላይ ከላይ አንዴ፣ ከታች አንዴ ተጫኑ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው በኩል ዞራችሁ ዝጉት። አሁን ከፖሉ ሥር ያለው የግድግዳ ክፍል ብቻ ተመርጧል። በ`Select > Modify > Feather` 0.5 ፒክስል ስጡት፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ እንዳይሆን። የቀዩን መስመር ሌየር ደብቁት፣ ካልደበቃችሁት ክሎኑ ቀዩንም ይወስደዋል።

በሴሌክሽኑ ውስጥ ክሎን አድርጉ፤ ምንጩን ከማዕዘኑና ከመጀመሪያው መስኮት መካከል ካለው ባዶ ልስን ውሰዱ። ብሩሹ እንደፈለገ ቢንቀጠቀጥ ከመስመሩ አይወጣም። ልስኑ ላይ የዝናብ ወራጅ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ እሱን ሁለት ጊዜ እንዳትለጥፉ ብቻ ተጠንቀቁ። ያው የተላጠ ቅርጽ ጎን ለጎን ከታየ ሥራው ተነቃ ማለት ነው። ክሎኑ ካለቀ በኋላ ሴሌክሽኑን ሳታነሱ መሃል መሃሉን በ`Healing Brush` ለስለስ ማድረግ ትችላላችሁ። ሴሌክሽን ባለበት ሂሊንግ ከመስመሩ ውጪ ያለውን ቀለም አይስብም፤ ስለዚህ የጦሳ ሰማያዊ ወደ ቢጫው ግድግዳ አይፈስም።

የግድግዳው ሲያልቅ `Shift+Ctrl+I` ተጫኑ። ሴሌክሽኑ ይገለበጣል፣ አሁን የምትሠሩት የውጪውን ወገን ነው፦ ሰማዩንና ጦሳን። ተራራው ሩቅና ብዥ ያለ ስለሆነ ይቅር ባይ ነው፣ የግራውን ወስዳችሁ እስከ መስመሩ ሙሉት። ሁለቱ ወገኖች በአንድ መስመር ላይ ስለተገናኙ ማዕዘኑ ቀጥ ከማለት ውጪ ምርጫ የለውም።

ቆርቆሮው ላይ ያለው ሽቦ ቀላል አይደለም እንዴ?

ይመስላል። ቆርቆሮ ግን ሞገድ አለው። ብርሃን፣ ጥላ፣ ብርሃን፣ ጥላ እያለ ይሄዳል፤ ክሎን ስታደርጉ ብርሃኑን ጥላው ላይ ከለጠፋችሁት ክዳኑ የተጋጨ ይመስላል። ምንጩን በሙሉ ሞገድ ቁጥር አርቁ፤ አንድ ሞገድ ወይም ሁለት፣ አንድ ተኩል አይሆንም። ጉብታው ላይ `Alt` ተጭናችሁ የሚቀጥለው ጉብታ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ የተሻለው ደግሞ እዚያው ሞገድ ላይ ከሽቦው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ መውሰድ ነው፤ ሽቦው አግድም ስለሚሄድ ሞገዱ ከላይና ከታቹ ንጹሕ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ከሆነ ዝገቱ ራሱ ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

መስኮቱን ሽቦ አቋርጦታል። እያንዳንዱን ፍሬም ልሠራ ነው?

አይ፣ አትድከሙ። መስኮት ማለት በትንሽ ቦታ ስምንት አሥር ጠርዝ ማለት ነው። ሦስቱ መስኮቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ ንጹሑን ምረጡ፣ `Ctrl+J` ብላችሁ በራሱ ሌየር አውጡት፣ የተበላሸው ላይ አምጡት። በ`Edit > Transform > Distort` አራቱን ማዕዘን ከታች ካለው መስኮት ማዕዘን ጋር ግጠሙ፤ የራቀው መስኮት ጠበብ ስለሚል ያለዚህ አይገጥምም። ከዚያ በማስክ ሽቦው የነበረበትን ክፍል ብቻ አሳዩ፣ ሌላው የራሱ ይቆይ። መጋረጃው ግማሽ የተከፈተ ከሆነ የራሱን መጋረጃ ማቆየት ግድ ነው።

መስኮቱን ግራና ቀኝ አትገልብጡት። የጠዋት ፀሐይ ከአንድ ጎን ነው የምትመታው፤ ከተገለበጠ የፍሬሙ ጥላ በተቃራኒ ይወድቃል።

ግድግዳው በጣም እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ `Filter > Vanishing Point` አለ። በግድግዳው አራት ማዕዘን ላይ ነጥብ አስቀምጣችሁ መረብ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ስታምፕ የሚገለብጠውን ነገር እንደ ርቀቱ ራሱ ያሳንሰዋል። ለጡብ ግድግዳና ለበረንዳ ብረት ጥሩ ነው። ለተራ ልስን ግን ልፋት ነው።

ከፖሉ ጀርባ ምን እንዳለ ካላወቅኩስ?

ሌላ ፎቶ አንሱ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ፖሉ ከቤቱ አንጻር ቦታ ይለውጣል፣ ከጀርባው ያለው ይገለጣል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፖሉ ከእናንተ 5 ሜትር፣ ግድግዳው 15 ሜትር ይራቅ። የፖሉ ውፍረት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግድግዳው ላይ የሚሸፍነው ሦስት እጥፉን፣ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እናንተ ግማሽ ሜትር ወደ ቀኝ ብትሉ የተሸፈነው ቦታ አንድ ሜትር ያህል ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ በሁለተኛው ፎቶ ላይ ተገልጦ ይታያል። ግማሽ ሜትር ናት እንግዲህ፤ ባጃጅ እስኪያልፍ ቆማችሁ የምትሠሩት ነው።

ሁለቱን በ`File > Scripts > Load Files into Stack` አንድ ላይ ክፈቱ፣ በ`Edit > Auto-Align Layers` አጋጥሙ፣ በማስክ የፖሉን ቦታ ከሁለተኛው አሳዩ። ጠፍጣፋ ግድግዳ በደንብ ይገጥማል። ወደ ፊት የወጣ በረንዳ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ምክንያቱም እሱም እንደ ፖሉ ቦታ ለውጧል፤ እሱን ለብቻው በ`Distort` ታስተካክሉታላችሁ። ሁለቱን ፎቶ በአንድ ዓይነት ብርሃን መጠን አንሱ፣ ቶሎ ቶሎ። ደሴ ላይ ጉም ለመምጣት ማንንም አያስፈቅድም።

ፖሉ ጠፋ፣ ግን ፎቶው አሁንም አንድ ነገር ይቀረዋል። ምንድን ነው?

ሳይወጣ የቀረ ጥላ ይሆናል። አስፋልቱ ላይ የተኛው የፖሉ ጥላ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀጭን የሽቦ ጥላ፣ የሱቅ መስታወት ላይ የሚታየው የፖሉ ምስል። ደግሞ ሽቦው የታሰረበት ግድግዳ ላይ የቀረ ብረትና ነጭ ሲኒ። ሽቦ የሌለው ሲኒ ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰክቶ ሲታይ ያስቃል።

ኮምፒውተር የለኝም፣ በስልክ ይሆናል?

ግማሹ ይሆናል። ስናፕሲድ ውስጥ ያለው `Healing` ሰማዩንና ባዶ ግድግዳውን ያወጣላችኋል። ዙም አድርጋችሁ አጭር አጭር ንኩት። ነገር ግን ከየት እንደሚገለብጥ እናንተ አትመርጡም፣ ስለዚህ አሸንዳው ጋ ሲደርስ ዕድላችሁ ነው። በስልክ ለሚታይ ፎቶ ያልፋል፣ ለሚታተም አያልፍም። ሰማዩን በስልክ ሠርታችሁ መቋረጫዎቹን ኮምፒውተር ላለው ጓደኛ መላክም ይቻላል፣ እንደ ፋይል።

ጊምፕ ነው ያለኝ።

አብሽሩ፣ ያላችሁት ይበቃል። ጊምፕ በነጻ ነው፣ ከላይ ያለው ሥራ አብዛኛው ይሠራበታል። ክሎን በ`C`፣ ሂል በ`H` ይመጣል፤ ምንጭ የምትወስዱት ግን በ`Alt` ሳይሆን በ`Ctrl` ነው። `Alignment` የሚለውን `Aligned` አድርጉ፣ ባዶ ሌየር ላይ ለመሥራት `Sample merged` ምረጡ። ለማዕዘኑ `Free Select` ነጥብ በነጥብ እየተጫናችሁ ቀጥ ያለ ሴሌክሽን ይሠራላችኋል። ለሚርቅ ግድግዳ ደግሞ `Perspective Clone` አለ።

አዲሱ ፎቶሾፕ ሽቦ ራሱ ፈልጎ ያወጣል ይባላል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

አዎ፣ `Remove Tool` ውስጥ `Find distractions` ሥር `Wires and cables` የሚል አለ። ሰማይ ላይ ያለውን ሽቦ በአንድ ንክኪ ያጸዳዋል፣ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ከዚያ ግን 300% ዙም አድርጋችሁ አሸንዳውንና የመስኮቱን ፍሬም እዩ። የተሰበረ ካገኛችሁ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን አጥፉና መቋረጫውን በክሎን ሥሩ።

ጠርዙ ቀጥ ማለቱን በምን አውቃለሁ? ዓይኔ ለምዶታል።

ዓይን ስለሚለምድ ዓይንን አትመኑ። በላዩ ሌየር ላይ አንድ ፒክስል ስፋት ያለው ቀይ መስመር ከአሸንዳው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው አስምሩ። ጠርዙ ከመስመሩ የራቀበት ወይም ያለፈበት ቦታ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ዘዴ ፎቶውን በ`Image > Image Rotation > Flip Canvas Horizontal` ማገላበጥ ነው፤ የለመዳችሁት ፎቶ አዲስ ይሆንባችኋል፣ ጉብጠቱ ይጮኻል። አይታችሁ ስትጨርሱ መመለሱን አትርሱ።

ለሰማዩ ደግሞ `Curves` ሌየር ከላይ ጨምሩና መስመሩን በጣም ገደላማ አድርጉት። ንጹሕ የመሰላችሁ ሰማይ ላይ የሽቦው መንገድ እንደ ጠባሳ ብቅ ካለ ገና አላለቀም ማለት ነው፤ በተለይ ትልቅ ሆኖ የሚታተም ከሆነ። ካስተካከላችሁ በኋላ ያንን ሌየር አጥፉት።

ማውጣት የሌለብኝ ፎቶ አለ?

አለ። ለዜና የሚሄድ ፎቶ ላይ ሽቦም ሆነ ፖል አይነካም። የፎቶ ዜና ደንብ ነው፣ በቦታው የነበረ ነገር አይወጣም አይገባም። ለቅርስ መዝገብ የሚነሳም እንደዚያው። የአይጠየፍ አዳራሽን ለጥናት አንስታችሁ ከሆነ ከፖሉ ጀርባ በክሎን የሠራችሁት ግድግዳ የንጉሥ ሚካኤል ግድግዳ አይደለም፣ የእናንተ ነው፤ ኋላ ጥገና የሚሠራ ሰው ሊሳሳትበት ይችላል። እንዲህ ላለው ሥራ ሁለቱን ፎቶ ከሁለት ቦታ አንስታችሁ ሁለቱንም ሳይነኩ ስጡ።

ለሆቴል ግድግዳ፣ ለፖስትካርድ፣ ለካላንደር ከሆነ ችግር የለውም። `PSD` ፋይሉን ግን ከነሌየሩ አስቀምጡ። ደንበኛው አይቶ ፖሉ ይመለስ የሚልበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ፖሉ የሰፈሩ ምልክት ከሆነ፤ ያን ጊዜ ሌየሩን መደበቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።